«ኳስ ነው» የተባለው ስድብ፦ በሀዋሳ የሁለት ደጋፊ ጓደኛሞች ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በሀዋሳ ከተማ በሚኖሩ ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች መካከል በ2017 ዓ.ም. የተፈጠረውን ጠብ ይመለከታል። አንዱ የባጃጅ መካኒክና የአርሰናል ደጋፊ ሲሆን ሌላው የሞባይል ጥገና ባለሙያና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። ሁለቱንም በልጅነታቸው አስተምሬአቸዋለሁ፤ ጠቡ ከተነሣ በኋላም ለሽምግልና ከተጠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጽሑፉን ሁለቱም አንብበውታል፤ ስማቸው፣ ሰፈራቸውና የሥራ ቦታቸው እንዳይጠቀስ ተስማምተናል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ መካኒኩና ጠጋኙ እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጠቡ ትልቅ መሆኑ አይደለም፤ ማንም አልቆሰለም፣ ፖሊስ ጣቢያም የሄደ የለም። ነገር ግን ለዓመታት ማንንም ሳይጎዳ የኖረ የደጋፊ ብሽሽቅ በየትኛው ቃል፣ በየትኛው ምሽት ወደ ጠላትነት እንደተሻገረ በግልጽ ማሳየት የሚቻልበት ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሁለቱ ንግግር አብዛኛው በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተጽፎ ስለቀረ፣ ሽማግሌዎቹ ከሰው አፍ ከሰማነው በተጨማሪ የየቀኑን መልእክት እየተከተልን ማየት ችለናል።

የብሽሽቁ ሥርዓት

ሁለቱ ጓደኛሞች በአገር ውስጥ ኳስ አንድ ልብ ናቸው። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲያነሣ ሁለቱም ልጆች ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ክለቡ ሲጫወት አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ላይ ይጮሃሉ። የሚለያዩት ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ሲገቡ ነው። እዚያም ቢሆን ልዩነታቸው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የተሸነፈው ወገን በማግስቱ ጠዋት ቡና ይጋብዛል፤ ቡናው እስኪጠጣ ድረስም የአሸናፊውን ተረብ ዝም ብሎ ይሰማል። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ያ ጨዋታ ያረጀ ወሬ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ጨዋታ እስኪደርስ ድረስ ደጋግሞ የሚያነሣው ሰው ካለ «ሂሳቡ ተዘግቷል» ተብሎ ዝም ይሰኛል።

በዚያ የውድድር ዓመት ለብሽሽቅ የሚሆን ነገር ለሁለቱም ወገን ተርፎ ነበር። ኅዳር 25 ቀን አርሰናል ዩናይትድን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለቱም ጎሎች ከማዕዘን ምት ተነሥተው የገቡ ነበሩ። ጠጋኙ ቡናውን ጋብዞ እንኳ «እናንተ ያለ ማዕዘን ምት ጎል የሚባል ነገር አታውቁም፤ ኳሱን እዚያ ጥግ ካላስቀመጡላችሁ ትጠፋላችሁ» እያለ ተከራክሯል። ጥር 4 ቀን በኤፍ ኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር ደግሞ ተራው የእርሱ ሆነ። ዩናይትድ በአርሰናል ሜዳ ዲዮጎ ዳሎት በቀይ ካርድ ከወጣበት በኋላ በ10 ተጫዋች 1 ለ 1 ጨረሰ፤ ግብ ጠባቂው ባይንዲር በመደበኛው ጊዜ የኦዴጋርድን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ በመለያ ምቱ የካይ ሃቨርትዝን መለሰ፤ ዚርክዚም የመጨረሻውን አስቆጥሮ ዩናይትድ 5 ለ 3 አለፈ። በማግስቱ መካኒኩ ቡና ጋበዘ። ጠጋኙ «አሥር ሆነን እንኳ አልቻላችሁንም፤ በሚቀጥለው ዘጠኝ ሆነን እንመጣላችኋለን» አለው፤ መካኒኩም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሳቀ።

ይህ ዓይነቱ ብሽሽቅ ለምን እንደማይጎዳ መገንዘብ ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። ጠጋኙ የሳቀው በሃቨርትዝ ምት፣ መካኒኩ የሳቀው በዩናይትድ ተከላካዮች ላይ ነው። ሁለቱም ሽንፈቱን እንደ ራሳቸው ያወሩታል፤ «አሸነፍናችሁ»፣ «ሸኘናችሁ» ይላሉ፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱም ሲሸነፍ ከኪሱም ከክብሩም የሚጎድልበት ነገር የለም። በዚያ ላይ ተረቡ ሁልጊዜ መልስ አለው። ዩናይትድ ቢሸነፍ የአርሰናል ዋንጫ ማጣት ይነሣል፤ አርሰናል ቢሸነፍ ዩናይትድ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ የሊግ ዋንጫ አለማንሣቱ ይነሣል። መልስ ያለው ተረብ ጨዋታ ሆኖ የሚቆየው ተረቡ ስለ ቀለለ አይደለም፤ ተራ ስላለው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዳንዴ በጣም መራራ ቃል ይለዋወጡ ነበር፤ ለጠቡ ምክንያት የሆነው ግን የቃሉ መምረር አልነበረም።

ድንበሩን ያውቁት እንደነበርም ማስረጃ አለ። ከዚያ የጥር ጨዋታ በኋላ ለሃቨርትዝ ነፍሰ ጡር ሚስት በኢንስታግራም የተላከው ማስፈራሪያ በማኅፀን ያለውን ልጅ ሳይቀር የሚነካ ነበር፤ ሚስቱ መልእክቶቹን ለሕዝብ አሳየች፤ የእንግሊዝ ፖሊስም አንድ የ17 ዓመት ወጣት ያዘ። በእኛ ሰፈር ግሩፕም አንድ ልጅ ስለ ሴትዮዋ የሚያሾፍ ምስል ለጥፎ ነበር። ወዲያውኑ «ሚስቱ ምን አደረገች? ይህን አጥፋው» ብሎ የጻፈው መካኒኩ ነው። ጠጋኙም «ልክ ነው፤ እኛ ኳስ ነው የምናወራው» ሲል ደገፈው። ምስሉ ተነሣ። ከአራት ወር በኋላ የሆነውን ስናይ ይህ መልእክት የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም ሩቅ ባለ ሰው ላይ ሲሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር የለዩትን ነገር በራሳቸው መካከል ሲመጣ አልለዩትም።

አንደኛው ወገን ዝም ሲል

በመጋቢት ወር መጨረሻ የጠጋኙ ኑሮ ተናጋ። ሱቁ ያለበትን ቤት ባለቤቱ ለራሳቸው ስለፈለጉት መልቀቅ ነበረበት፤ ሌላ ቤት በሚችለው ኪራይ አላገኘም። መሣሪያዎቹን ይዞ በአንድ የሚያውቀው ሰው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በአንዲት ጠረጴዛ መሥራት ጀመረ። ከቋሚ ደንበኞቹ የት እንደገባ ያላወቁ ስለነበሩ ገቢው ቀነሰ፤ ሁለቱ አብረው የሚጥሉትን ዕቁብም መጣል አቃተው። ይህን ለመካኒኩ ብቻ ነገረው። መካኒኩም፣ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው፣ ያለ አንዳች ማንገራገር ድርሻውን ጣለለት፤ ለዕቁቡ ዳኛም ሆነ ለሌላ ሰው አልተናገረም።

ከሚያዝያ ጀምሮ በግሩፑ ላይ አንድ ለውጥ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ጠጋኙ ለአንድ ተረብ ሁለትና ሦስት መልስ ይልክ ነበር። አሁን መልሱ አንድ የሳቅ ምልክት ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎም ምልክቱም ቀረ። ሚያዝያ 29 ቀን አርሰናል በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በፓሪስ ሰን ዤርመን 2 ለ 1 ተሸንፎ ሲወጣ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛው ሰው ምንም አልጻፈም። ዲኤስቲቪ ቤትም የሚመጣው ከዕረፍት በኋላ ሆነ፤ የሚቀመጠውም ከወትሮው የፊት አግዳሚ ሳይሆን በሩ አጠገብ ነበር።

መካኒኩ ይህን ዝምታ እንደ ማሸነፍ ቆጠረው። በዚያው ጊዜ የላካቸው መልእክቶች በቁጥርም በርዝመትም ጨምረዋል፤ መልስ ባጣ ቁጥር «ምነው ጠፋህ?»፣ «ደረጃችሁን ስታይ ስልክህን አጠፋህ እንዴ?» እያለ ይቀጥል ነበር። በእኔ አስተያየት ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከታወቀው የግንቦት ምሽት ይልቅ እነዚህ ሳምንታት ይበልጥ ሊመረመሩ ይገባል። ብሽሽቅ ሁለት ሰው የሚጫወተው ነገር ነው፤ አንዱ መመለስ ካቆመ በኋላ ሌላው የሚልከው ሁሉ ከተረብነት ወጥቶ በሰው ላይ መጫን ይሆናል፣ ቃሉ ከአምናው ቃል ምንም ባይለይም። ዝም ያለው ሰው ተናዶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ኳሱ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል፤ ጠጋኙ ግን ሁለቱም አልነበረም። በኋላ እንደነገረን፣ ስለ ኳስ የሚሰማው ሁሉ ስለ ራሱ የተነገረ መስሎ ይሰማው ጀምሮ ነበር። «ወረዳችሁ ሲለኝ ጠረጴዛዬን ነው የማየው» ነው ያለን።

የግንቦት 13 ምሽት

ዩናይትድ በሊጉ በዚያ ምሽት 16ኛ ነበር፤ ዓመቱንም 15ኛ ሆኖ በ42 ነጥብ ጨርሷል፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ ከዚያ የባሰ ውጤት የለውም። የቀረው ተስፋ ግንቦት 13 ቀን በቢልባኦ ከቶተንሃም ጋር የሚደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ነበር። ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተጀመረ፤ ቤቱ ሞልቶ የቆመ ሰው ሁሉ ነበር። ጠጋኙ ከብዙ ሳምንት በኋላ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተገኘ። ከዕረፍት በፊት በ42ኛው ደቂቃ ቶተንሃም አገባ፤ ጨዋታውም 1 ለ 0 አለቀ።

መጀመሪያ የተባለው ሁሉ የተለመደ ነበር። «አሥራ ስድስተኛ! አሥራ ስድስተኛ!» ተባለ፤ ጠጋኙ ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘ። አንድ ሰው «ነገ ቡና አለ» አለው፤ «አለ» ብሎ መለሰ። በዚህ መሐል መካኒኩ አግዳሚው ላይ ቆሞ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ማንቼ ማለት እንግዲህ እንደዚህ እንደ ጓደኛዬ ነው፤ ትናንት ሱቅ ነበረው፣ ዛሬ በሰው በረንዳ ተቀምጧል፤ ዕቁቡንም ሰው ነው የሚጥልለት!»

ቤቱ ሳቀ። የሳቁት አብዛኞቹ የዕቁቡን ነገር ስለማያውቁ እንደ ተራ ተረብ ነው የሰሙት። ዓረፍተ ነገሩ በቅርጹም ያንኑ ይመስላል፤ የሚጀምረው በማንቼ ነው፤ ስለ መውረድ ያወራል፤ ማነጻጸሪያም አለው። ነገር ግን ማነጻጸሪያው ተገልብጧል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጓደኛው የሚሰደበው ክለቡ ስለተሸነፈ ነበር፤ አሁን ክለቡ ወደ ጎን ተትቶ የሰውየው ኑሮ ራሱ መሳቂያ ሆነ። ለዚህ ቃል የሚሆን የኳስ መልስ የለም፤ የአርሰናልን ሁለተኛነት ቢያነሣ ማን ይሰማዋል? ከዚህም በላይ ቃሉ በአደራ የተሰጠ ምስጢር ይዟል፤ ከመካኒኩ በስተቀር ማንም ሊናገረው የማይችለውን ነገር ነው የተናገረው። የቅርብ ጓደኛ ብሽሽቅ ከማያውቁት ሰው ስድብ የሚከፋበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ ጓደኛ የሚያሳምመውን ቦታ ያውቃል።

ጠጋኙ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ወረወረ። ከዚያም ስለ መካኒኩ ቤተሰብ አመጣጥ፣ ከሌላ አካባቢ መጥተው ሀዋሳ ስለመኖራቸው፣ እዚህ ልደግመው የማልፈልገውን ቃል ተናገረ። በዚያ ቅጽበት ጠቡ የሁለት ሰው መሆኑ አበቃ። እስከዚያ ድረስ አርሰናልና ማንቼ ተብሎ የተከፈለው ቤት፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን በሌላ መስመር መከፈል ጀመረ፤ ስለ ኳሱ ምንም ያልተናገሩ ሰዎች ሳይቀሩ ተነሥተው ቆሙ። የቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ መብራቱን ሁሉ አብርተው ሰዉን በሁለት ጊዜ ከፋፍለው አስወጡ። ከሁሉ የሚደነቅ ውሳኔ የእርሳቸው ነው፤ ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልሞከሩም፤ ተመልካቹን ነው የበተኑት።

በማግስቱ ግን ነገሩ በግሩፑ ላይ ቀጠለ። ከመካኒኩ ወዳጆች አንዱ የጠጋኙን ጠረጴዛ ከመንገድ ማዶ ፎቶ አንሥቶ፣ የዩናይትድን ዓርማ ለጥፎበት ላከው። መካኒኩ ፎቶውን አላነሣም፣ አልላከም፤ እንዲጠፋ ግን አላዘዘም። በጥር ወር ለማያውቃት ሴት «አጥፋው» ያለ ሰው ነው።

ሽምግልናው

ሽማግሌ ሆነን የተቀመጥነው አንድ በሰፈሩ የተከበሩ አዛውንት፣ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤትና እኔ ነን። ሁለቱን መጀመሪያ ለየብቻ ሰማናቸው። መካኒኩ የያዘው መከራከሪያ አንድ ነበር፦ «ጋሼ፣ እኔ ስለ ኳስ ነው የተናገርኩት፤ እርሱ ግን ዘሬን ነው የሰደበው።» ጠጋኙ ደግሞ «ስለ ኳስ ቢለኝ ኖሮማ 16ኛ ነን፣ ምን እመልሳለሁ? ጋሼ ይፍረዱኝ፤ ዕቁቡ ኳስ ነው?» አለ።

አዛውንቱ ማን ቀደመ የሚለውን ጥያቄ አላነሡም። ሁለቱን በደሎች ለይተው አስቀመጧቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዲሸፍን አልፈቀዱም። ምስጢር ማውጣቱ የጓደኛ በደል ነው፤ ካሳው በሁለቱ መካከል ነው። ስለ ቤተሰብ አመጣጥ የተነገረው ግን ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ የነካ በመሆኑ፣ የተናደደ ሰው ቃል ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም አሉ። በዚህ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የመጀመሪያው ቃል ጓደኝነትን ያፈርሳል፤ ሁለተኛው ጓደኛሞቹን የማያውቁ ሰዎችን ያጣላል። መጀመሪያ የተበደለው ሰው ከባዱን በደል መፈጸሙ ለብዙዎች ለመቀበል ያስቸገረ ነገር ነበር፤ ቢሆንም እንደዚያ ነው የሆነው።

በእንግሊዝ አገርም ይህን መሰል መስመር ተሰምሯል። የሊቨርፑልና የዩናይትድ ደጋፊዎች ስለ ውጤት፣ ስለ ዋንጫ የፈለጉትን ይባባላሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ስለሞቱት 23 ሰዎችና በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መተፋፈግ ሳቢያ ስለሞቱት 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች መዝፈን ግን የብሽሽቅ አካል ተደርጎ አይቆጠርም። በ2023 መጋቢት መጀመሪያ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ የሁለቱ ክለቦች አሠልጣኞች ክሎፕና ቴን ሃግ ከጨዋታው በፊት በአንድ ላይ ደጋፊዎቻቸውን ይህን እንዲተዉ ጠይቀዋል። በዚያው ዓመት በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ በ97ቱ ሟቾች የሚያላግጥ ጽሑፍ ያለበት ማልያ የለበሰ ሰው 1,000 ፓውንድ ተቀጥቶ ለአራት ዓመት ከስታዲየም ታግዷል። ይህን ለመካኒኩ ሳነሣለት ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቀው ነበር።

የይቅርታው ቦታ ለብቻው አከራከረን። መካኒኩ ቤት ድረስ ሄዶ ጉልበት ለመሳም ዝግጁ ነበር። ጠጋኙ ግን አልተቀበለም፤ የተዋረደው በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በዚያው ሰው ፊት እንዲሆን ፈለገ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በተከታዩ እሑድ፣ ሊጉ በተዘጋበት ምሽት፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መካኒኩ በቤቱ ውስጥ ቆሞ «የጓደኛዬን አደራ በልቻለሁ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጥሎም ጠጋኙ ስለተናገረው የአመጣጥ ቃል መካኒኩንም ቤቱንም ይቅርታ ጠየቀ። ፎቶው ከግሩፑ ጠፋ፤ ያነሣው ልጅም ራሱ ይቅርታ ጻፈ። የዕቁቡን ገንዘብ ጠጋኙ ዕጣው ሲደርሰው መለሰ፤ መካኒኩ አልቀበልም ቢልም አዛውንቱ አስቀበሉት፤ ካልተመለሰ ነገ ደግሞ ይነሣል ብለው።

ግሩፑ ከዚያ ወዲህ ሕግ አላወጣም። የቤቱ ባለቤት ግን አንድ ልማድ ጀምረዋል፤ አንድ ሰው ለሁለት ጨዋታ ያህል መልስ ካልሰጠ፣ እርሱን የሚመለከት ተረብ እንዲቆም ያደርጋሉ፤ ለብቻውም ጠርተው ደኅንነቱን ይጠይቁታል። ከሚያዝያው ዝምታ የተገኘ ልማድ ነው፤ እስካሁን የሚሠራውም እርሳቸው በአካል እዚያ ሲኖሩ ብቻ ነው። እርሳቸው በሌሉበት ምሽት ማንም አያስታውሰውም።

ነሐሴ 11 ቀን፣ በአዲሱ የውድድር ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት፣ መርሐ ግብሩ ሁለቱን ክለቦች አገናኘ። አርሰናል በኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ካላፊዮሪ ያገባትም ከማዕዘን ምት ነበር። መካኒኩ በግሩፑ ላይ የጻፈው ውጤቱን ብቻ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠጋኙ «ዛሬም ከጥግ! ኳሱን መሐል ሜዳ ቢያስቀምጡላችሁ እኮ አታውቁትም» ብሎ መለሰለት፤ በማግስቱም ቡናውን ጋበዘ። ዛሬ ሰላም ይባባላሉ፣ በሀዋሳ ከተማ ጨዋታ አሁንም አብረው ይጮሃሉ። ጠጋኙ አዲስ ሱቅ ሲከራይ ግን መካኒኩ የሰማው እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ አዲሱን ዕቁብም ከሌሎች ሰዎች ጋር ገብቷል።